ሽሮ ያረረበትን የስቴንለስ ድስት ሳይጫሩ ማጽዳት

ባለፈው ዐቢይ ጾም አንድ ማታ ሽሮ እንደጣድኩ መብራት ሄደ። ምድጃውን ማጥፋት ረሳሁና ጎረቤት ቡና ተፈልቶ ስለነበር ወደዚያ ሄድኩ። እኛ ሁለተኛውን ስንጠጣ መብራቱ መጥቶ ኖሯል። ቡናው ደግሞ ከሰል ላይ ስለነበርና ከደጅ ስለተቀመጥን ማናችንም ልብ አላልንም። ቤቴ ስደርስ ያረረ ሽሮ ሽታ በር ላይ ተቀበለኝ። ውኃው ተንኖ አልቋል። ከታች የእንጀራ ውፍረት ያለው ጥቁር ቅርፊት ድስቱን ይዞታል።

ድስቱ ባለ 5 ሊትር ስቴንለስ ነው፣ ውስጡ እንደ መስታወት የሚያበራ። በጣም ነው የምወደው። ጎረቤቴ እማማ ተከትለውኝ መጥተው አዩትና ወዲያው፦

«አንች ልጅ፣ አመድና ሽቦ አምጭ፤ አሁኑኑ እናስለቅቀዋለን» አሉኝ።

«እማማ፣ ይቆዩኝ። ይኼን በሽቦ ከነካነው ይጫርብኛል» አልኳቸው።

ድስቱ በሁለተኛው ቀን አንድ ጭረት ሳይኖርበት ጸዳ። እንዴት እንደሆነ በዝርዝር ልጻፍ። ብዙ ሰው ይኼን ድስት የሚያበላሸው ምግቡ ሲያርር ሳይሆን በኋላ ሲፈትገው ነው።

መጀመሪያ ይቀዝቅዝ

ድስቱን ከምድጃው ላይ አውርዱትና ተዉት። የጋለ ድስት ላይ ቀዝቃዛ ውኃ አትድፉ። የብዙዎቹ ስቴንለስ ድስቶች መቀመጫ ከሁለት ዓይነት ብረት የተጣበቀ ነው። በስቴንለሱ መሃል ወይም ሥር ሙቀት እንዲያዳርስ አሉሚኒየም ይደረግበታል። ሁለቱ ሲቀዘቅዙ እኩል አይኮማተሩም። በድንገት ከቀዘቀዙ መቀመጫው ይጎብጣል፤ ከዚያ ወዲያ ድስቱ ኤሌክትሪክ ምድጃ ላይ ደልደል ብሎ አይቀመጥም፣ ሙቀቱ አንድ ቦታ ላይ ይከማቻል፣ እዚያው ቦታ ላይ ደግሞ ሁልጊዜ ያርራል። በእጅ ሲነኩት ለብ እስኪል፣ ግማሽ ሰዓት ያህል ጠብቁ።

ከላይ ያላረረ ወጥ ካለ በጭልፋ ቀስ ብላችሁ ወደ ሌላ ዕቃ ገልብጡት። ታችኛውን አትንኩ፣ ከነካችሁት የማረር ጣዕሙ ወደ ደህናው ይሄዳል። የእኔ ግን የሚተርፍ ነገር አልነበረውም።

ድስቱ በእርግጥ ስቴንለስ ነው?

ከታች የምነግራችሁ ዘዴ ለስቴንለስ ብቻ ነው። የአሉሚኒየም ድስት በሶዳ ከፈላ ይጠቁራል፣ ገጹም ይበላል። አሉሚኒየም ቀለል ያለ፣ ፈዛዛ ግራጫ፣ በጨርቅ ሲያሹት ጨርቁ ላይ ጥቁር የሚተው ነው። ስቴንለስ ከበድ ይላል፣ ያበራል፣ ጨርቅም አያጠቁርም። ብዙ ጊዜ ከሥሩ ወይም ከእጀታው ላይ 18/10 ወይም 18/8 የሚል ይጻፍበታል። 18 ማለት ክሮሚየም በመቶኛ ነው፣ ሁለተኛው ቁጥር ኒኬሉ። ዝገት የማይነካው ክሮሚየሙ ከአየር ጋር ተገናኝቶ በዓይን የማይታይ ስስ ሽፋን ስለሚሠራ ነው። ይህ ሽፋን ቢነካም ንጹሕና ደረቅ ሆኖ አየር ካገኘ ራሱን መልሶ ይሠራል። ጭረቱ ግን እዚያው ይቀራል። የሚቀጥለው ምግብም ጭረቱ ውስጥ ገብቶ በቀላሉ ይይዛል። ጭረት መልክ ብቻ የሚያበላሽ የሚመስላቸው ሰዎች ይኼን አያስተውሉትም።

ሽሮ ለምን እንዲህ ይይዛል

ሽሮ የባቄላ፣ የአተር ወይም የሽምብራ ዱቄት ነው። ግማሽ ያህሉ ስታርች ነው፣ ከቀረው ትልቁ ድርሻ ፕሮቲን። ሲወፍር ወደ ታች ይቀመጣል። ፕሮቲኑ ከትኩስ ብረት ጋር ሲገናኝ ይጣበቃል፣ ዘይቱ ደግሞ ሲጋል እየደረቀ እንደ ቫርኒሽ ይሆናል። በላዩ ስታርቹ ከስሎ ጥቁር ይለብሳል። ስለዚህ የምናየው ጥቁር ከላይ ነው እንጂ ድስቱን የያዘው ሥሩ ያለው ቡናማው ሽፋን ነው። ያንን ሽፋን ሳናላላ ከላይ ብንፍቅ ጥቁሩን አንስተን ሥሩን እንተዋለን፣ ከዚያ ጉልበት እንጨምራለን፣ ከዚያ ይጫራል።

ፕሮቲንንም ሆነ የደረቀ ዘይትን የሚያላላው የአሲድ ተቃራኒ የሆነው አልካሊ ነው። አልካሊ ዘይቱን ወደ ሳሙና ይለውጠዋል፣ ፕሮቲኑን ይፈታዋል። እማማ ያሉት አመድ ለዚህ ነው ከጥንት ጀምሮ የሚሠራው። የእንጨት አመድ ውስጥ አልካሊ አለ። ችግሩ አመዱ ውስጥ ጠጠርና አሸዋም አለ። አሸዋ ከስቴንለስ የጠነከረ ነው። ጣና ዳር ዕቃ በአሸዋና በአመድ ሲያጥቡ አይታችሁ ይሆናል፤ ለሸክላና ለጥቁር ብረት ምንም አይልም፣ ለሚያበራ ስቴንለስ ግን አይሆንም። ለእማማ ይኼንኑ ስነግራቸው «እና አመዱን ትተሽ ውኃውን ተጠቀሚ» አሉኝ። ትክክል ናቸው፣ ወደ እሱ እመለሳለሁ።

የሚያስፈልገው

ቤኪንግ ሶዳ፣ የእንጨት ማማሰያ፣ ለስላሳ ስፖንጅ ወይም ጨርቅ፣ ላርጎ፣ ሎሚ ወይም አቼቶ። ሌላ የለም።

ሶዳውን ስትገዙ አንድ ነገር ተጠንቀቁ። ቤኪንግ ፓውደር ሌላ ነው። ሱቁ «ያው ነው» ሊላችሁ ይችላል። አይደለም። ፓውደሩ ውስጥ ከሶዳው ጋር አሲድና ስታርች ተቀላቅሏል። ውኃ ሲነካው እርስ በርሱ ይበላላና የአልካሊ ኃይሉን ያጣል። ለዳቦ የተሠራ ነው፣ ለድስት አይጠቅምም። ጽሑፉን አንብባችሁ ሶዳ መሆኑን አረጋግጡ።

ማማሰያው ጠፍጣፋ አፍ ያለው ቢሆን ይሻላል። እኔ ቅዳሜ ገበያ ከእንጨት ዕቃ ሻጮች የገዛሁት አንድ አሮጌ አለኝ፣ አፉ ተልጦ ቀጥ ብሏል። ለዚህ ሥራ ከዚያ የተሻለ አላገኘሁም። እንጨት ከብረቱ ስለሚለሰልስ ጠንክራችሁ ብትገፉም የሚያልቀው እንጨቱ ነው።

አፍሉት

ድስቱ ከቀዘቀዘ በኋላ የላላውን ቅርፊት በማማሰያው ገፋ አድርጋችሁ አውጡ። በራሱ የማይነሳውን አታስገድዱት። ከዚያ ያረረውን በሁለት ጣት ያህል የሚሸፍን ውኃ አፍሱ። በእኔ ድስት 1 ሊትር ተኩል ገባ። ለ1 ሊትር ውኃ 2 የሾርባ ማንኪያ ሶዳ ነው መጠኑ። እኔ 3 ጨመርኩ።

ሶዳውን ውኃው ቀዝቃዛ እያለ ጨምሩት። የፈላ ውኃ ላይ ካፈሰሳችሁት በአንድ ጊዜ አረፋ አውጥቶ ምድጃው ላይ ይገነፍላል።

ቀስ ብሎ እየተንፈቀፈቀ ይፍላ። ሶዳ ሲፈላ ጋዝ ያወጣና ወደ ሶዲየም ካርቦኔት ይለወጣል። ይህ ከመጀመሪያው በጣም የጠነከረ አልካሊ ነው። ለዚህ ነው ሶዳውን በቀዝቃዛ ውኃ መዘፍዘፍና ማፍላት አንድ ያልሆነው። ብዙ ሰው ሶዳ ነስንሶ ትንሽ ቆይቶ ይፈትግና «አይሠራም» ይላል። ያልሠራው ሶዳው ስላልፈላ ነው።

ባሕር ዳር ላይ ደግሞ አንድ ነገር አስቡ። ከተማችን ከባሕር ጠለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ውኃ እዚህ የሚፈላው በ94 ዲግሪ አካባቢ ነው፣ 100 አይደርስም። ስለዚህ ሌላ ቦታ 10 ደቂቃ የሚባለውን እኛ ወደ 20 እናደርሰዋለን። ውኃውን ጎላ አድርጎ ማንተክተክ ጥቅም የለውም፣ ሙቀቱ አይጨምርም፣ ውኃው ብቻ ቶሎ ያልቃል። ሁለተኛ ጊዜ እንዳያርር አጠገቡ ሁኑ።

ከ10 ደቂቃ በኋላ የእኔ ውኃ ቀይ ሻይ መሰለ። 15 ላይ ጠቆረ። ጥቁር ቅርፊት ጥፍር የሚያክል እየተነቀለ ወደ ላይ ይመጣ ጀመር፣ ጠርዙ እንደ ደረቀ ቅጠል ተጠቅልሎ። ሥራው መሠራቱን የምታውቁት በዚህ ነው። ውኃው ገርጥቶ ከቀረ ወይ ሶዳው አንሷል ወይ የያዛችሁት ፓውደር ነው።

20 ደቂቃ ሲሞላ ምድጃውን አጠፋሁ። ለብ እስኪል ጠብቄ ውኃው ውስጥ እንዳለ በማማሰያው ከዳር ወደ መሃል ገፋሁት። ውኃውን አትድፉት፣ እርጥብ እያለ ነው የሚለቀው። ቅርፊቱ በትልልቅ ቁራጭ ተነሣ። ከግማሽ በላይ ሄደ። እማማ ቆመው ያዩ ነበርና «በይ አንድ ጊዜ ድገሚ» አሉኝ።

ውኃውን ስትደፉ ዓይናችሁንና የእጃችሁን ቆዳ ጠብቁ። ጓንት ካለ ጥሩ ነው፣ ከሌለ እጃችሁን ወዲያው በንጹሕ ውኃ ታጠቡ። የፈላ ሶዳ እጅ ያደርቃል።

ሁለተኛው ዙር፣ ከዚያ ሊጥ

አዲስ ውኃ፣ አዲስ ሶዳ፣ እንደገና 20 ደቂቃ። ያገለገለውን ሶዳ አትድገሙት፣ በአረረው ምግብ ኃይሉ አልቋል። ከሁለተኛው በኋላ መሃል ላይ የእጄን መዳፍ የሚያክል ቡናማ ክብ ብቻ ቀረ። እዚህ ላይ ነው ሰው ትዕግሥቱ አልቆ ሽቦ የሚያነሣው። ሊጨርስ ሲል።

ለዚህ ሊጥ ይሠራል። 3 እጅ ሶዳና 1 እጅ ውኃ፣ ወፍራም እንደ በሶ። ቡናማው ላይ ብቻ ቀባችሁ በእርጥብ ጨርቅ ሸፍኑት። ጨርቁ የሚያስፈልገው ሊጡ እንዳይደርቅ ነው። ከደረቀ ምንም አይሠራም። እኔ ማታ 4 ሰዓት ቀብቼ ጠዋት ከፈትኩት።

ጠዋት በላዩ ላርጎ ጠብ አድርጌ በለስላሳው ስፖንጅ አሸሁ። ሶዳው ራሱ ፈታጊ ነው፣ ግን ቅንጣቱ ከስቴንለስ በጣም የለሰለሰ ስለሆነ አይጭርም። ማሸቱን ብረቱ ላይ ባለው መስመር አቅጣጫ አድርጉት። ብርሃን ላይ ወደ ጎን ብታዩት ውስጡ ላይ የተሠራበት ቀጭን መስመር ይታያል፤ ክብ ከሆነ ክብ፣ ቀጥ ካለ ቀጥ። እሱን ተከትሎ ማሸት ትንሽ ቢነካም እንዳይታይ ያደርጋል። እንደ መስታወት ባለው ድስት መስመሩ ስለማይታይ የበለጠ ለስለስ ማለት ነው።

ስፖንጅ ስንል አንዱ ገጹ አረንጓዴና ሻካራ የሆነውን አይደለም። አረንጓዴው ላይ የሚፈትግ ብናኝ አለበት፣ የሚያበራ ገጽ ላይ ጭጋግ የመሰለ ብዙ ቀጭን ጭረት ይተዋል። ቃጫ ከዚያ ይሻላል፣ ግን አሸዋ እንዳልያዘ አጥባችሁ አረጋግጡ።

የቀረው ምግብ ነው ወይስ ቀለም?

ጥፍራችሁን በቀረው ቦታ ላይ ቀስ አድርጋችሁ ጎትቱ። ጥፍሩ ከፍ ብሎ ከተደናቀፈ ምግብ አለ፣ ወደ ማፍላቱ ተመለሱ። ጥፍሩ ወደ ታች ከገባ ጭረት ወይም ቀዳዳ ነው፣ ያ በማጽዳት አይጠፋም። ጥፍሩ ምንም ሳይዘው ካለፈ ደግሞ ቀለም ብቻ ነው። ይኼን ጊዜ ሶዳ ቢፈላ ለውጥ አያመጣም፣ አሲድ ነው የሚፈልገው።

እኔ ያገኘሁት ሦስተኛውን ነው። መሃሉ ላይ የቀስተ ደመና መልክ፣ ቢጫ፣ ሐምራዊ፣ ሰማያዊ። ድስቱ ባዶውን ስለጋለ የላዩ ስስ ሽፋን ወፍሯል፣ ብርሃኑ ሲነካው ይቀልማል። ቆሻሻ አይደለም፣ ምግብም አይመርዝም። ሎሚ ለሁለት ቆርጬ ቦታውን አሸሁት፣ 5 ደቂቃ ተውኩትና በውኃ አለቀለቅሁት። ጠፋ። አቼቶ ብትጠቀሙም ያው ነው። ውኃው የሚተወው ነጭ ነጠብጣብም በዚሁ ይለቃል።

ሎሚና ሶዳን ግን አንድ ላይ አታድርጉ። ብዙ ሰው አረፋውን አይቶ ኃይለኛ ይመስለዋል። አረፋው ሁለቱ እርስ በርስ ሲጠፋፉ ነው፤ በመጨረሻ የሚቀረው ጨዋማ ውኃ ነው። መጀመሪያ ሶዳ፣ ከዚያ በደንብ አለቅልቁ፣ ከዚያ ሎሚ።

ሶዳ ከሌለ፦ የአመድ ውኃ

እማማ ያሉት ይኼን ነው፣ በሌላ ቀን በሌላ ድስት ሞክሬው ሠርቷል። ንጹሕ የእንጨት አመድ ብቻ፣ ፕላስቲክ ወይም ቆሻሻ ያልነደደበት። በወንፊት ነፍታችሁ ሁለት ኩባያ አመድ 2 ሊትር ውኃ ውስጥ በጥብጡ። አድሮ ይዝቀጥ። ጠዋት ከላይ ያለውን ጠራራ ውኃ ብቻ ቀስ ብላችሁ በጨርቅ አጥልሉ። በሁለት ጣት ስታሹት ከሙለጨለጨ ሆኗል። ያንን ድስቱ ውስጥ እንደ ሶዳው ውኃ አፍሉት። ዝቃጩን አትጠቀሙ፣ አሸዋው እዚያ ነው። ይህ ውኃ ከሶዳ ይልቅ እጅ ያቃጥላል፣ ያለ ጓንት አትንኩት፣ ከሕጻናት አርቁት።

ድስቱን የሚገድሉ ነገሮች

ሽቦ እንዳይነካው ያልኩት ስለ ጭረቱ ብቻ አይደለም። የሽቦው ብጣሽ ድስቱ ላይ ይቀራል። ሽቦው ተራ ብረት ስለሆነ በማግስቱ ይዝጋል፣ ሰውም «ስቴንለሴ ዛገ» ይላል።

በረኪና ደግሞ ከሁሉ ይብሳል። ውስጡ ያለው ክሎሪን የክሮሚየሙን ሽፋን ሰብሮ በመርፌ የተወጋ የመሰለ ቀዳዳ ይሠራል። ያ ቀዳዳ አይድንም። በረኪናን ከአቼቶ ወይም ከሎሚ ጋር ማደባለቅ ደግሞ የሚመርዝ ጋዝ ያወጣል፣ በምንም ምክንያት አታድርጉት። ጨውም በቀዝቃዛ ውኃ ሟሙቶ ድስቱ ውስጥ ካደረ ያንኑ ቀዳዳ በትንሹ ያመጣል። የአረረውን ድስት በጨው ውኃ ዘፍዝፎ ማሳደር የሚመክሩ አሉ፤ አትስሙ።

የድስቱ ውጪ ሥር በከሰል ጥላሸት ከጠቆረ በሊጡ ብቻ አጽዱት። ድስቱን በሙሉ ሌላ ትልቅ ድስት ውስጥ ነክሮ በሶዳ ማፍላት አይሆንም፣ የአንዳንዱ መቀመጫ አሉሚኒየሙ ከውጪ የተገለጠ ነውና ይበላል።

መቼ ይቆማል

ሦስት ጊዜ አፍልታችሁ፣ ሊጥም አሳድራችሁ አሁንም ጥፍር የሚያደናቅፍ ጥቁር ነጥብ ካለ፣ ትንሽ ከሆነ ተዉት። የከሰለ ምግብ ነው፣ የሚመርዝ አይደለም፣ በሚቀጥሉት ጥቂት የውኃ ማፍላቶች እየላላ ይሄዳል። የዳር ግድግዳው ላይ ያለው ቢጫ ሙጫ የመሰለ ዘይትም በማፍላት አይደረስበትም፣ ውኃው እስከዚያ አይወጣምና። ለእሱ ሊጡን ቀብቶ ማሳደር ብቻ ነው መንገዱ። መቀመጫው ከጎበጠ ግን የሚመልሰው የለም። ጠፍጣፋ ነገር ላይ አስቀምጣችሁ ሲወዛወዝ ታውቁታላችሁ። ውኃ ለማፍላት ያገለግላል፣ ለሽሮ ግን አይሆንም።

የእኔው አልጎበጠም። አለቅልቄ ወዲያው በደረቅ ጨርቅ አደረቅሁት፣ ውኃው ራሱ ሲደርቅ ነጭ ይተዋልና። እማማ ከሰዓት በኋላ መጡና ወደ መስኮቱ ይዘው ሄዱ። ወደ ብርሃኑ አዘንብለው ውስጡን አዩት፣ በጥፍራቸውም መሃሉን ሞከሩት።

«በይ እኔም ቤት አንድ አለልኝ» አሉና ቆሎ ያረረበትን የራሳቸውን ድስት ሊያመጡ ሄዱ።